ቆረጣውን የሸፈነው ጣሪያ

ኦብዱሊያ ቤኒቴስ በኮንሴፕሲዮን ከተማ ትንሽ ቴሌቪዥን ጣቢያ ቃለ መጠይቅ ስትቆርጥና ስትቀጥል ወጣትነቷን ጨርሳለች። የሰው ንግግር መሀሉ ተቆርጦ ሲወጣ ፊቱ ስክሪኑ ላይ ድንገት ይዘላል። እሷ ዝላዩን በእጅ፣ በወንዝ፣ በተኛ ውሻ ምስል ትሸፍነዋለች። ድምፁ ከስር ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ ምስሉ ከቆረጣው ትንሽ ቀድሞ ይገባል፣ ትንሽ አልፎ ይወጣል። ተመልካቹም አንድ ፊት ላይ አፍጥጦ ከመሰልቸት ይድናል። ሥራው ሲያምር ግን ሥራ መሆኑን እንኳ የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለ ሙያ ሰው ያደክማል፤ እሷም ደክሟት ነበር።

አንድ ቀን የተቀረጹት፣ ወንዙ ሞልቶ ቤታቸውን የወሰደባቸው ወይዘሮ፣ ዶኛ ሴፌሪና ነበሩ። «ማዘጋጃ ቤቱ ቆርቆሮ አመጣ። እኔ ጋ ሲደርስ አለቀ ተባለ፤ ይኸው ላስቲክ ስር ነኝ። ላመጡት እግዜር ይስጣቸው» ይላሉ።

የጣቢያው አለቃ ዶን ዊልፍሪዶ ቀዝቃዛ የቴሬሬ ሻዩን እየመጠጠ ከኦብዱሊያ ጀርባ ቆመ።

«መሀሉን አውጪው።»

«የትኛውን?»

«ላስቲኩን ነዋ። ማስታወቂያ የሚሰጠን ማዘጋጃ ቤቱ አይደል እንዴ?»

«ፊታቸው ይዘላል።»

«አንቺ እያለሽ?» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ኦብዱሊያ ቆረጠችው፤ የቆርቆሮው መምጣትና ምስጋናው ብቻ ቀሩ። ለመሸፈኛ የሴትዮዋ እጆች ይበቁ ነበር፤ ካሜራማኑ አሳምሮ ቀርጿቸዋል። እሷ ግን ጣሪያውን መረጠች፤ በገመድ የታሰረ፣ ውሃ ያቆረ፣ የተቀደደ ላስቲክ። ዶኛ ሴፌሪና ስለ ቆርቆሮው ሲያመሰግኑ ምስሉ ላስቲኩን ያሳያል። ዶን ዊልፍሪዶ ዝላይ ፈልጎ አጣና «እጅሽ ይባረክ» አላት። የሚነገረውን እንጂ የሚታየውን አላስተዋለም። እውነቱን በአፍንጫው ስር አሾልካ በማሳለፏ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ገባች።

ፕሮግራሙ በተላለፈ ማግስት ዶኛ ሴፌሪና ቀሚሳቸው ጭቃ እንደነካው ጣቢያው በር ላይ ጠበቋት።

«ቆራጯ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ዶኛ። ጣሪያዎን አሳየሁልዎት እኮ።»

«አየሁት። ሰፈሩም አየው። ላስቲክ ስር ተኝታ ለቆርቆሮ የምታመሰግን ጅል እያሉ ይስቁብኛል። ልጄ፣ እኔ እኮ ተናግሬ ነበር።»

«ንግግርዎን ያስወጣው አለቃዬ ነው።»

«ጣሪያውንስ እሱ ነው ያስገባው?»

ያኔ ኦብዱሊያ ገባት። ምንም ሳትሸፍነው ብትተወው ኖሮ ያየ ሁሉ ከዚህ ምን ወጣ ብሎ ይጠይቅ ነበር። አሁን ማንም አይጠይቅም፤ እሷ አሳምራ ሠርታዋለችና። ደስታዋ ሁሉ ሟሸሸና ድካሟ ብቻ ቀረ።

«ባልሸፍነው ፊትዎ ይዘል ነበር፣ ዶኛ» አለች።

«ይዝለላ» አሉ ዶኛ ሴፌሪና። «የኔ ፊት ነው።»