ባሬ መጋረጃ የሚለው ስም

ባህረዲንን ሰባተኛ ገበያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በእግሩ ነው። ቁጭ ብሎ አይታይም። መጋረጃ እየለካ ይሄዳል፣ ሻይ እየጠጣ ይሄዳል፣ ከደንበኛ ጋር ዋጋ እየተከራከረ ሦስት ሱቅ አልፎ ይገኛል። "ባሬ፣ ሱቅህ ወዲያ ነው" ብለው የሚመልሱት ጎረቤቶቹ ናቸው።

በ2010 የቴሌግራም ቻናል ከፈተ። ስሙንም በእንግሊዝኛ ፊደል "ባሬ መጋረጃ" አለው። ፌስታሉ ላይ አሳተመው፣ የቆርቆሮ በሩ ላይ አስጻፈው። ክፍለ ሀገር ያለ ሰው ፌስታሉን ያያል፣ ያችን ስም ስልኩ ላይ ይጽፋል፣ ፎቶ መርጦ ያዛል። የባሬ እንጀራ እዚያች ስም ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ችግሩ ፊት ለፊቱ ያለው መጋረጃ ሻጭ ጃፋር ነው። ባሬ ጠዋት የለጠፈውን ጨርቅ ጃፋር ከሰዓት ያመጣና ዋጋ ቀንሶ ይሰቅለዋል። ባሬ በገነ። እንግዳ ሰው እንዳይገባበት ቻናሉን ከሕዝብ ወደ ግል ቀየረና አብራው ለምትሠራው ለሐዋ "አሁን ይምጣና ይስረቅ" አላት። "አደብ ሲገዛ እከፍተዋለሁ።"

ነጋዴ ለሰላት ሲወጣ የሱቁ በር ላይ ዱላ ያጋድማል፤ ዱላዋን እያየ እጁን የሚሰድ የለም። ባሬም ስሙ ላይ ዱላ ያጋደመ መስሎታል። ቴሌግራም ግን እንዲህ ያለ ወግ የለውም። ቻናል ግል ሲሆን ስሙ ይለቀቃል፣ የቀደመ ይወስደዋል።

ስሙ እንደተወሰደ የሰማው ከደሴዋ ነጋዴ ከእትዬ ሠርኬ ነው።

"ባሬ፣ ምን አድርጌህ ነው የነተበ መጋረጃ የላክህብኝ?" አሉት በስልክ።

"እኔ? እኔኮ ምንም አልላክሁልዎትም እትዬ።"

"ፌስታልህ ላይ ባለው ስም ገብቼ አይደል ያዘዝኩት? ባልቴት ናት ብለህ ናቅኸኝ።"

ስልኩን ሳይዘጋ ቴሌግራም ላይ ስሙን ጻፈው። የገዛ ስሙ ተከፈተለት፤ ውስጡ የጃፋር መጋረጃ፣ የጃፋር ስልክ ቁጥር።

ሩጫ ወደ ስልክ ጠጋኙ ወርቁ።

ወርቁ ቀና ሳይል "ለቴሌግራም ማመልከት ይቻላል" አለው። "ግን ይሄው ስም ፌስቡክ፣ ትዊተር፣ ኢንስታግራም፣ ከነዚህ ሁለቱ ላይ ያንተ መሆን አለበት። ፌስቡክ ላይ ስምህ ማነው?"

"የአርሴናል በረኛ።"

"በል እንግዲህ፣ በረኛው ይድረስልህ። ካልሆነ የያዘው ሰው ራሱ ይልቀቅልህ።"

ባሬ ጃፋርን አንቆ ሊይዝ ሄዶ በመንገድ ሐሳቡን ቀየረ፤ ሰፈሩ የሚያከብራቸውን ሐጂ አብደላን ይዞ መጣ። ሐጂ እንኳን ቴሌግራም ሊያውቁ፣ ስልክም የሚያነሱት ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ነው። ጃፋርን በለሰለሰ ድምፃቸው ጠየቁት።

"ልጄ፣ የሰው ስም ወሰድህ ይላል።"

"አልወሰድኩም ሐጂ። ስልኩ ራሱ ነው ስሙን ማንም አልያዘውም ያለኝ።"

"ስልኩን አልጠየቅሁም። ፌስታሉን አይተኸዋል?"

"አይቻለሁ።"

"በሩ ላይ የተጻፈውንስ?"

"ፊት ለፊቴ ነው ሐጂ፣ እንዴት አላይም?"

"ታዲያ ባሬ ማን መስሎህ ነበር?"

 ከኋላ የቆመችው ሐዋ ሳቋን በሻርፗ ሸፈነች።

ጃፋር ስሙን እንዲለቅ ተፈረደ። ወርቁ ግን ተጠርቶ መጥቶ አስጠነቀቀ፦ ስሙ በተለቀቀባት ቅጽበት ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ ስለዚህ አንዱ ሲለቅ ሌላው ወዲያው መያዝ አለበት። ሁለቱን አንድ ጣቃ ላይ ጭን ለጭን አስቀመጧቸው። ባሬ ተቀምጦም እግሩ ይራመዳል።

"አጠፋሁት" አለ ጃፋር።

ባሬ ጻፈ። ቀይ ጽሑፍ። ተይዟል ይላል።

"ሌላ ሰው ወሰደው! ያውልህ!"

"አጥፍቻለሁ አልኩህ እኮ፣ ወላሂ።"

ወርቁ የጃፋርን ስልክ አየና ጭንቅላቱን ያዘ። "አንተ ሰውዬ፣ ፊደሉን አጥፍተህ ትቀመጣለህ እንዴ? ከላይ ያለችውን ራይት ተጫን እንጂ።"

ተጫነ። ባሬ እንደገና ጻፈ። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ። ቸኩሎ ሁለቴ ሳታት፤ በሦስተኛው ራይቷን አገኛት። ስሙ ቻናሉ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሐጂ። "አለቀ?"

"ስሙ ነው የመጣው" አለ ወርቁ። "በስሙ ገብተው የነበሩት ሰዎች እስካሁን ጃፋር ቻናል ውስጥ ናቸው።"

ሐጂ ወደ ጃፋር ዞሩ። እሱም ሳይጠየቅ "ባሬ መጋረጃ እኔ አይደለሁም፣ የነተበ የደረሳችሁ መልሱልኝ" ብሎ ለጠፈ። ፊቱ ሎሚ የመጠጠ ሰው ፊት ይመስላል።

ባሬ ግን ከጣቃው ተነስቷል። መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ የገዛ ስሙን ይጽፋል፣ ይወጣለታል፤ ያጠፋዋል፣ ደግሞ ይጽፋል።

"አለህ?" አለችው ሐዋ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ።

"አለሁ።"

"እንግዲያው ና። ሱቅ የቆመችው ሴትዮ የአራት መስኮት መጋረጃ ነው የምትፈልገው፣ መሄዷ ነው።"

"አንዴ ልየው ብቻ" አለና ሦስት ሱቅ አልፎ ሄደ።