«ሞተሯ ተቃጥሏል» አሉ

የእናቴ ሕመም ጠንቷል ተብዬ ከጎንደር ወደ ዛሪማ ስጓዝ መሸብኝና ዳባት አደርኩ። ጎሕ ሲቀድ ወንድሜ ደወለ። መርዶ በስልክ አይነገርም የሚለውን ወግ ወደ ጎን ትቶ፣ «ዐርፋለች» አለኝ። «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ እንጠብቅሻለን፤ ከዚያ በላይ የቆላው ሙቀት አይፈቅድልንም።»

«ከዘጠኝ በፊት እደርሳለሁ» አልኩት። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አፈር ሳይለብሳት ፊቷን ማየት።

የእንግዳ ማረፊያው ግቢ ጠባብ ስለሆነ መኪኖች በየጊዜው ይቀያየራሉ፤ ስለዚህ ቁልፌ ዘበኛው ዘንድ ነበር ያደረው። ሲመልስልኝ በጋቢው እንደተጀቦነ ፈገግ አለ።

«እትዬ፣ ውርጭ እንዳይመታት አድርጌ ነው ያሳደርኳት። አሁንም ሞቅ አድርጌልዎታለሁ።»

አመስግኜው ወጣሁ።

ወደ ደባርቅ የሚወስደውን ዳገት ስጀምር የሙቀት መለኪያው መርፌ መውጣት ጀመረ። ሜዳ ላይ መለስ ይላል፤ ዳገት ሲመጣ ያሻቅባል። የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ እንደ ምድጃ የጋለ አየር ለቀቀብኝ፤ መርፌው ግን ቀዩን ነካ። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ።

ብዙም ሳልቆይ ጭነት የያዘ መኪና አጠገቤ ቆመ። ሹፌሩ ጠና ያለ ሰው ነው። አብሮት ከጎንደር መለዋወጫ ገዝቶ ወደ ደባርቅ የሚመለስ መካኒክ ወረደ። ሁለቱም ምንም ሳይጠይቁኝ ኮፈኑን ከፈቱ።

«ጋስኬት ነው» አለ ሹፌሩ፣ ገና አንገቱን ሳያስገባ።

«ጋስኬት ነው» አለ መካኒኩ። «ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ መውረድ አለበት። ቴርሞስታቱንም ነቅለን እንጥለዋለን። ቴርሞስታት ለፈረንጅ አገር ነው የተሠራው፤ የብርድ አገር ዕቃ ነው።»

«የቆምነው ደባርቅ አፋፍ ላይ ነው» አልኩት። «ብርድ አገር ለመባል ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅበታል?»

ሹፌሩ ሳቀ። «ጎበዝ፣ ሴትዮዋ ምላስ አላት!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እኅቴ፣ እኔ በዚህ መንገድ ላይ ነው ያረጀሁት። ይቺ አልቆላታል። ነይ ውጪና ከእኔ ጋር ውረጂ» አለኝ።

መውጣት እችል ነበር። ነገር ግን የጭነት መኪና ሊማሊሞን እንዴት እንደሚወርድ፣ በመንገዱም ስንት ጊዜ እንደሚቆም አውቃለሁ። ደግሞም ሞተሩ ሞቷል የተባለው በማስረጃ ሳይሆን በድምፅ ብልጫ ነበር። አመሰገንኩት። «ዛሪማ ሲደርሱ ወንድሜን በእናታችን ሐዘን ቤት ያገኙታል። መኪናዋ ሞቃ እያበረደቻት ነው፤ ከዘጠኝ በፊት ትደርሳለች ይበሉልኝ።»

«እነግራቸዋለሁ፤ አይዞሽ» ብሎ ሄደ። መካኒኩ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ቀረ።

መጀመሪያ ያደረገው የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ለማዞር መሞከር ነበር። በሌላ እጁ በጀሪካን የያዘው የደጋ ውኃ አለ።

«አትንካው» አልኩት። «ስትከፍተው የፈላው ውኃ ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ያንን ቀዝቃዛ ውኃ ብትጨምርበት ደግሞ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ያኔ በእርግጥ ትጠግነዋለህ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ሥራዬ ነው።»

«ስለዚህ ቆይ።»

ቆየን። ለወንድሜ ብደውል ኔትወርክ የለም። ረፋዱ ዓይኔ እያየ አለፈ። ሙቀት ከአንድ አካል ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሻገር በማስተማር እንጀራዬን የምበላ ሰው፣ ምክንያቱን ሳላውቅ ከእናቴ ቀብር ልቀር ነው ብዬ መቀመጥን አልተቀበልኩትም። ክዳኑ በባዶ እጅ የሚነካ ሲሆን ከፈትኩት። በሞተሩና በቴስታታው መካከል ያለው ጋስኬት ቢበላሽ ኖሮ ዘይትና ውኃ ይቀላቀሉ ነበር። ውኃው ሙሉ ነው፤ ዘይት አልተንሳፈፈበትም። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ሳብኩ፤ ዘይቱ ወተት አልመሰለም። ክዳኑን ሳልመልስ ሞተሩን አስነሣሁ፤ በውኃው ውስጥ አረፋ አልወጣም፤ ከጭስ ማውጫውም ነጭ ጭስ የለም።

«ጋስኬቱ የታለ?» አልኩት።

«አንዳንዱ እንደ ሽፍታ ይደበቃል» አለ።

ክዳኑን ዘግቼ ሞተሩ እስኪሞቅ ተውኩት። ወደ ራዲያተሩ የሚገባውን ቱቦ በጨርቅ ነካሁ፤ ግሏል። የሚወጣውንም ነካሁ፤ ያው ግሏል። የውኃውን መንገድ የሚከፍተው ቴርሞስታት ተዘግቶ ቢሆን፣ ወይም ራዲያተሩ ከውስጥ ቢደፈን ኖሮ የሚወጣው ቱቦ በቀዘቀዘ ነበር። በማሞቂያው የመጣው የጋለ አየርም ውኃው መዞሩን አስቀድሞ ነግሮኛል። ውኃው ሙቀቱን ከሞተሩ ይወስዳል፤ ወደ ራዲያተሩም ያደርሳል፤ እዚያ ግን የሚረከበው የለም። መረከብ ያለበት አየር ነው።

ማራገቢያው ይሽከረከራል፤ ድምፁም ደኅና ነው። የነጠላዬን ጥለት ከራዲያተሩ ፊት ወዳለው መረብ አስጠጋሁ። አየር ቢሳብ ጥለቱ መረቡ ላይ መጣበቅ ነበረበት። ዝም ብሎ ተንጠለጠለ።

«እንግዲህ አየሩ ወዴት ሄደ?» አልኩት። 

ሞተሩን አጥፍቼ በስልኬ መብራት በመረቡ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አየሁ። የማዳበሪያ ጆንያ ነበር። በመረቡና በራዲያተሩ መካከል፣ ከላይ በጠባቡ ክፍተት የገባ፣ በጥንቃቄ የታጠፈ ጆንያ። ጎትቼ ሳወጣው በውስጡ የፓስታ ካርቶን ተዘርግቶበታል።

የደጋ ሹፌሮች በውርጭ ወራት የራዲያተርን ፊት በካርቶን ይሸፍናሉ፤ ሲነጋ ራሳቸው ያወጡታል። ዘበኛው የእኔንም በዚያው ወግ አልብሷታል፤ ማውጣቱ ግን የሸፋኙ ይሁን የባለቤቷ አልተነጋገርንም። ሜዳ ላይ ሞተሩ ብዙ ስለማይለፋ የምትገባው ጥቂት አየር በቃችው፤ ዳገት ላይ አልበቃችም። የሰውየው ቅንነት አልጠፋኝም። በቃል ያልታጀበ ቅንነት ግን እንደ ተንኰል ያሰናክላል፤ ደግሞ ሊቀየሙበት እንኳ አይመችም።

መካኒኩ ካርቶኑን ገለበጠው። «ያው እኮ ነው። እኔም ልደርስበት ነበር።»

«ቴስታታውን አውርደህ?»

ደባርቅ አደረስኩት። ከዚያ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ በከባድ ማርሽ ወረድኩ፤ መርፌው ከመካከሉ አልተነቃነቀም። ዛሪማ ስገባ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ገና ሩቅ ነው። ደርሻለሁ አልኩ።

በሐዘን ቤቱ ድንኳን ፊት አስከሬን የለም። ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል እጃቸውን እየታጠቡ ይመለሳሉ። ወንድሜ ሲያየኝ ፊቱ ተለዋወጠ።

«መጣሽ?»

«ዘጠኝ ሰዓት አላልከኝም?»

«ሞተሯ ተቃጥሏል፤ ዛሬ አትደርስም አሉን። ቄሶቹም ሙቀቱ በረታ፣ ከቀረች ምን እንጠብቃለን አሉ። ስድስት ሰዓት ላይ አሳረፍናት።»

«ማን ነው ያለው?»

በአገጩ ወደ ድንኳኑ አመለከተኝ። ሹፌሩ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጦ እዝን ይበላል።

«ከዘጠኝ በፊት ትደርሳለች ብላለች አላለህም?»

«ብሏል» አለ ወንድሜ፣ መሬት እያየ። «አንቺ እንደዚያ ማለትሽን ነግሮናል። እሱ ግን መኪና የሚያውቅ ሰው ነው፤ አትደርስም አለ።»

ሹፌሩ አየኝና ጉርሻውን ዋጠ። «ውይ! ተነሣች እንዴ?»

«ራዲያተሩ ፊት ካርቶን ተሸጉጦበት ነው። አየር አጥታ ነበር።»

ጥቂት አሰበ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹም እንዲሰማ አድርጎ፣ በርኅራኄ መከረኝ፦

«ነፍስ ይማር፣ እኅቴ። ቢሆንም ስትመለሺ ጋስኬቷን አስፈትሺያት።»

 ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። በአዲሱ አፈር ላይ ድንጋይ እየደረደሩ ያሉት ሰዎች ሲያዩኝ እጃቸውን ሰበሰቡ። ፊቷ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ወደ ምሥራቅ ነው አሉኝ። በዚያ በኩል ቆምኩ።