ሙርሺዳ ያልጠራችው ስም

ሙርሺዳን ክርክር ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚህ ነው የምለው። መዝጊያ ንግግርን ግን እውነቱን ለመናገር ማንም አላስተማራትም። ሌሎቹ ተማሪዎቼ መዝጊያ ሲሰጣቸው የተባለውን ሁሉ ከሀ ጀምረው ሲያነበንቡ ደወሉ ይደወልባቸዋል፤ ስንት ጊዜ ተቆጥቼ ሰልችቶኛል። እሷ ክርክሩን በሙሉ ሁለት ጥያቄ ውስጥ ትከተው ነበር። «የተጋጨነው እዚህና እዚህ ላይ ነው» ትላለች፤ በሁለቱም ለምን እንደረታች ታሳያለች፤ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ታስቀምጥና ትቀመጣለች። ለመዝጊያ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ አልቆ ደወሉ ሲደወል እሷ ወንበሯ ላይ ናት።

የምንኖረው ሲታኩንዳ ነው፤ አሮጌ መርከብ እየተጎተተ መጥቶ ባሕር ዳር ጭቃ ላይ የሚቆራረጥበት። ታላቅ ወንድሟ ኢልያስ እዚያ በሌሊት ፈረቃ በጋዝ እሳት ብረት ይቆርጥ ነበር። ከላይ የተቆረጠ ብረት ወደቀበትና ሞተ፤ አላህ ይዘንለት። ሬሳውን በአንሶላ ጠቅልለው፣ በሦስት እግር ሪክሻ ጭነው ደጃቸው ላይ ጣሉት፤ ያመጡት ሰዎች ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። እናቱ ኮሂኑር ወደ መርከብ ማፍረሻው ግቢ ስትሄድ ባለቤቱ ሐጂ ሶብሃን ራሱ ወጥቶ፣ «በዚህ ስም የሚጠራ ልጅ እኔ ጋ ሠርቶ አያውቅም» አላት። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ የትም አይመዘገብምና ማስረጃ ከየት ታምጣ? ከዚያ ወዲህ ያቺ ሴት ለገበያተኛውም ለአውቶብስ ረዳቱም የምታወራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ልጄ ስም ነበረው ትላለች፤ ሰውም ይሸሻታል።

በዚያ ዓመት ኮሌጃችን ቺታጎንግ ከተማ ለሚደረገው የክርክር ውድድር ፍጻሜ አለፈ። የመከራከሪያው ሐሳብ «ሠራተኛ የሞተበት የመርከብ ማፍረሻ ግቢ ይዘጋ» የሚል ሆነ፤ ዕጣ ሲወጣ ደጋፊው ወገን እኛ ሆንን። ሐሳቡን ያወጡት ተማሪዎች ናቸው፤ የምሳውን ወጪ የሸፈነው የክብር እንግዳ ግን ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሐጂ ሶብሃን። ኮሂኑር ይህን ስትሰማ ጥቁር ቡርቃዋን ለብሳ አብራን አውቶብስ ላይ ወጣች። ልትለምነው አልነበረም የሄደችው። የልጇ ስም እሱ ባለበት፣ በማይክራፎን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ሲጠራ ማየት ፈለገች። ይኸው ነው የፈለገችው።

«ትጠሪዋለሽ አይደል?» አለቻት ሙርሺዳን መንገድ ላይ።

«እጠራዋለሁ እማ።»

ችግሩ ሕጉ ነው። በመዝጊያ ንግግር አዲስ ነገር አይገባም፤ አዲስ መከራከሪያም፣ አዲስ ምሳሌም። ቀድሞ በዋናው ንግግር ያልተነሳ ነገር ብታነሺ ተቃዋሚው ብድግ ብሎ «ሕግ ተጣሰ» ሲል ሥርዓት ይጠይቅብሻል፤ ዳኞቹም ነጥብሽን ይቆርጣሉ። ትክክልም ነው፤ ከኋላሽ መልስ የሚሰጥ በሌለበት ሰዓት አዲስ ድንጋይ መወርወር ፈሪነት ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ ኢልያስ በዋናው ንግግር መነሳት ነበረበት። ሙርሺዳ በመክፈቻው እኔ ላንሳው ብላ ሞከረች፤ ልምምድ ላይ ስሙ ጋ ስትደርስ ድምጿ ይቆረጣል። ለሦስተኛው ተናጋሪያችን ለፕራሎይ ሰጠነው። እሱ ካነሳው እሷ በመዝጊያው ደግማ ትጠራዋለች፤ ማንም አይከለክላትም።

ፕራሎይ መልኩም ድምፁም ያማረ ልጅ ነው፤ ጭንቅላቱ ግን ጭብጨባ ላይ ነው ያለው። መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ሚኒስትሮች መኪና አንድ ቀልድ ጣል አደረገ፤ አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ጣመው፤ ሌላ ጨመረ። እኔ ከታች በእጄ «ቀጥል፣ ቀጥል» እላለሁ፤ የት ያየኛል! የማስጠንቀቂያው ደወል ሲደወል ገና ሁለተኛው ነጥቡ ላይ ነበር። ደነገጠ፤ የቀረውን እየዘለለ ሮጠና አመስግኖ ተቀመጠ። ኢልያስን ዘለለው። ሙርሺዳ ዞር ብላም አላየችውም፤ እስክሪብቶዋን ብቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ በበኩሌ ያን ጊዜ በጥፊ ባጠናግረው ደስ ባለኝ።

ከእሱ ቀጥሎ የተነሳው የተቃዋሚዎቹ ተናጋሪ ብልጥ ነበር። የሌሊት ሠራተኞች እንደማይመዘገቡ ራሱ አመነ፤ ጉድለት ነው፣ ይስተካከላል፣ ለዚህ ብሎ ግቢ መዝጋት ግን እብደት ነው አለ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ፣ «ሞቱ፣ ሞቱ ይሉናል። እስካሁን አንድ ሟች እንኳ በስም ጠሩልን?» አለ። ከፊት ረድፍ ሐጂ ሶብሃን በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ኮሂኑር ከኋላ፣ ከጎኔ ብድግ አለች፤ ጎትቼ አስቀመጥኳት።

መሪያቸው መዝጊያውን ካሰማ በኋላ የመጨረሻው ቃል የሙርሺዳ ሆነ። ስትነሳ ፊቷ አመድ መስሏል። አንደኛው ግጭት ሠራተኛው አደጋውን ራሱ መርጦታል ወይ የሚለው ነው አለች፤ ሌላ ሥራ የሌለበት ምርጫ ምርጫ እንዳልሆነ ቡድናችን ካለው ላይ ብቻ እየለቀመች አሳየች። ሁለተኛው፣ ከሥራ ማጣትና ከሕይወት ማጣት የቱ ይብሳል የሚለው ነው። ተቃዋሚዎቹ ስለ ሥራ ማጣት ያቀረቡትን ቁጥር ሁሉ እንዳለ ብንቀበል እንኳ፣ ከሥራ የወጣ ሰው ነገ ሊቀጠር ይችላል፣ የሞተ ግን አይመለስም አለች። የማስጠንቀቂያው ደወል ተደወለ። አንድ ደቂቃ ቀራት።

እናቷን አየች። አፏ ተከፈተ፤ ምን ሊወጣ እንደሆነ አውቄያለሁ። ኮሂኑርም አውቃለች፤ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። የተቃዋሚው ልጅ ሥርዓት ሊጠይቅ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ ጠበቃት። ሙርሺዳ ግን ከእናቷ ላይ ዓይኗን አነሳችና ወደ ዳኞቹ ተመለሰች።

«ስም አልጠራችሁም አሉን» አለች። «አዎ፣ ስም የለንም። ለምን እንደሌለን ግን ራሳቸው ነግረውናል፤ ስም የማይመዘግቡት ግቢዎቹ ናቸው። ሟቹን ስም አልባ ያደረገ ግቢ፣ ሟቹ ስም የለውም ብሎ ሊከራከር አይችልም። ይዘጋ።»

ተቀመጠች። ደወሉ ከዚያ በኋላ ነው የተደወለው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔም ወላሂ አጨበጨብኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ መዝጊያ ሰምቼ አላውቅም። የተቃዋሚውን ምርጥ ጥይት ከእጁ ቀምታ መልሳ ተኮሰችበት። ዳኞቹ ሁሉም በአንድ ድምፅ ለእኛ ፈረዱ።

ዋንጫውን የሰጣት ሐጂ ሶብሃን ነው። ማይክራፎኑን ይዞ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች የአገር ኩራት ናቸው ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራ። ማይክራፎኑን ለእሷ ያቀበላት የለም። እሷ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ስትጠጋ አስተናጋጆቹ የቢርያኒ ሩዙን ፓኬት በር ላይ ማደል ጀምረው ነበር፤ ሰው ሁሉ ተነስቶ ተጋፋ፤ ድምፅ ማጉያውም ጠፋ።

ስንመለስ አውቶብስ ውስጥ እናትና ልጅ አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ፤ ዋንጫው በጨርቅ ተጠቅልሎ እግራቸው ሥር ነው። ሙርሺዳ ሕጉን ልታስረዳት ሞከረች፤ ፕራሎይ ሳያነሳው እኔ አንስቼው ቢሆን ኖሮ እንሸነፍ ነበር፣ ያሸነፍነውም ባለመጥራቴ ነው አለቻት። እኔም ከኋላ ሆኜ አገዝኳት። ኮሂኑር እስከ መጨረሻው አዳመጠችን፤ አልተቆጣችም።

«ስም የለንም አልሽ» አለቻት። «ሐጂውም ያለኝ ይህንኑ ነው።»

ሲታኩንዳ ስንደርስ ሁለቱ ወረዱ፤ ዋንጫውን አውቶብሱ ውስጥ ትተውት ነበርና እኔ ወሰድኩት። እስከ ዛሬ ቢሮዬ መስኮት ላይ ነው፤ ስንት ጊዜ ልኬባት መጥታ አልወሰደችውም።