መልስ ያልመጣለት የወሩ ግዢ

አባቴ በሰንበቴ የከብት ገበያ ደላላ ነበሩ። ከአፋር ቆላ ከብት ነድተው የሚወጡትን ሻጮች ከደጋ ከሚወርዱት ገዢዎች ጋር ያገናኛሉ፤ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ተሰባበረ አፋርኛ እየተሻገሩ ዋጋ ያስማማሉ። እኔ ደግሞ ከሚሴ ባለው ቤታችን፣ ከደሴው መንገድ አጠገብ በምትገኝ አንዲት ክፍል ተቀምጬ፣ አዲስ አበባ ላለ የአክሲዮን አገበያይ ድርጅት ፕሮግራም እጽፋለሁ። ሥራዬን ለማስረዳት ብዙ አልደከምሁም። «እኔ ደላላ ነኝ፤ አንተ ደግሞ የደላላ አሽከር» ይሉኝ ነበር፣ ጎረቤት ባለበት ሁሉ።

ያን ጊዜ በኃላፊነት የያዝሁት ወርኃዊ ግዢ የሚባለውን አገልግሎት ነበር። ደንበኛው በየወሩ አንድ ቁርጥ ያለ መጠን ያስገባል፤ ፕሮግራሙም በተወሰነው ቀን በዚያ ገንዘብ አክሲዮን ይገዛለታል። ዋጋው ረክሶ ከሆነ ብዙ ይደርሰዋል፤ ተወድዶ ከሆነ ጥቂት። መልካሙን ቀን ለመገመት መጨነቅ የለም። ገበያው ሙሉ አክሲዮን እንጂ ቁራጭ ስለማይሸጥ፣ ፕሮግራሙ የብዙ ደንበኞችን ገንዘብ አንድ ላይ አድርጎ ሙሉ አክሲዮኖችን በድርጅቱ ስም ይገዛል፤ ከዚያ የእያንዳንዱን ድርሻ ከነቁራጩ በራሱ መዝገብ ያከፋፍላል። ሲያከፋፍል ምንጊዜም ወደ ታች ያጠጋጋል፤ ለደንበኞች የተጻፈው ድምር በእውነት ከተያዘው አክሲዮን አንዲት ቅንጣት እንኳ እንዳይበልጥ።

አባቴ ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች አንዱ ሆኑ። የመረጡት ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ አክሲዮን ነበር፤ ሐሳባቸውም ሐጅ ነው። ገበያ ሲቀናቸው ቁርጡን መጠን ለይተው ከሚሴ ባለው ቅርንጫፍ ያስገባሉ።

ያ ዓመት ግን አልቀናም። የቅርንጫፉ መስመር እየተቋረጠ፣ ያስገቡት ገንዘብ የግዢው ቀን ካለፈ በኋላ አዲስ አበባ ይደርስ ጀመር። አንድ ወር ደግሞ ገንዘቡ በጊዜው ደርሶ፣ ዋጋው እንዲገዛ ከፈቀድንለት ጣሪያ በላይ ወጥቶ ትዕዛዙ ሳይፈጸም ቀረ። ፕሮግራሙ ለእንዲህ ዓይነቱ ወር ሁለት መንገድ ያቀርባል፦ ያልተገዛበትን ገንዘብ ለደንበኛው መመለስ፣ ወይም በሚቀጥለው ወር ላይ መደመር። መደመሩ ብዙ ገንዘብ በአንድ ቀን ዋጋ ላይ እንደሚያሳርፍ፣ የወርኃዊ ግዢን ትርጉም እንደሚያደበዝዝ ለአባቴ ነግሬያቸዋለሁ። እርሳቸው ግን «ለሐጅ የተለየ ወደ ኪስ አይመለስም» ብለው መደመሩን መረጡ። በዚህ ሁኔታ የበርካታ ወራት ቁጠባ ተጠራቅሞ፣ ከዒድ በፊት በነበረው የመጨረሻ የሥራ ቀን ከሌሎች ደንበኞች ገንዘብ ጋር በአንድ ትዕዛዝ ወደ ገበያው ተላከ።

ትዕዛዙ እንደ ወጣ በድርጅቱና በገበያው መካከል ያለው መስመር ተቋረጠ። ተገዛ የሚል መልስ አልመጣም፤ አልተገዛም የሚልም አልመጣም።

ሥራውን የማያውቅ ሰው ዝምታን እንደ እምቢታ ይወስደዋል። እኛ ግን ሦስት ሁኔታዎችን ለይተን እንመዘግባለን፦ ተፈጽሟል፣ ተቀባይነት አጥቷል፣ አይታወቅም። ከሦስቱ አስቸጋሪው የመጨረሻው ነው። መልስ ያልመጣለት ትዕዛዝ ገበያው ውስጥ ተፈጽሞ ሊሆን ይችላል፤ እንደ አዲስ ብንልከው ሁለት ጊዜ እንገዛለን። ስለዚህ እያንዳንዱ ትዕዛዝ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ስንጠይቅም ሆነ ደግመን ስንልክ በዚያው ቁጥር ነው፤ ገበያው ቁጥሩን አስቀድሞ ተቀብሎ ከሆነ ሁለተኛውን ይጥለዋል። መልሱ እስኪታወቅ ድረስ ገንዘቡ ይታገዳል። የደንበኛው ጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ አክሲዮንም አይደለም። መስመሩ ሲመለስ ገበያው ለበዓሉ ተዘግቶ ነበር። የዕለቱ የግብይት ዝርዝርም ከገበያው አልደረሰንም። በዓሉና ተከታዮቹ የዕረፍት ቀናት ሳያልፉ የሚመልስልን ሰው አልተገኘም።

የአባቴ ዓይን ቢጫ መሆኑን መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። ለዒድ ሶላት ተዘጋጅተው ከቤት ሲወጡ፣ በበሩ ብርሃን ፊታቸውን አየችና ያዘቻቸው። ከሶላት መልስ ቁርጠቱ ጀመራቸው፤ ትኩሳትም ተከተለ። የከሚሴው ሐኪም የሐሞት ቱቧቸው እንደ ተዘጋ፣ ደሴ ሄደው ሊከፈትላቸው እንደሚገባ ነገረን። በመንግሥት ሆስፒታሉ መሣሪያው እንደማይሠራ፣ በግሉ ደግሞ ሲገቡ የሚያዝ ገንዘብ እንደሚጠየቅ አልደበቀንም። ሰንበቴ በዚያ ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ገበያ አልቆመም፤ የዒድ ገበያ የአባቴ የዓመት ተስፋ ነበር፣ እርሱም አለፈ። እናቴ ወርቋን ሸጠች። ዘመድ ካለው ላይ አዋጣ። ከጨፋ ያለው አጎቴ ማሽላው ገና በማሳ ላይ ስለሆነ እያፈረ ጥቂት ላከ። አልሞላም። የጎደለውን የሚሞላው፣ ሞልቶም የሚተርፈው፣ በእኔው ፕሮግራም ታግዶ የተቀመጠው ገንዘብ ነበር። ቀድሞ የተገዛውን አክሲዮን እንዳንሸጥ ገበያው ዝግ ነው፤ ቢከፈትም የሽያጩ ገንዘብ በዕለቱ እጅ አይገባም።

አዲስ አበባ ላለችው የሥራ ባልደረባዬ ደወልሁ። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ መዝገቡን የማስተካከል ሥልጣን ያላት እርሷ ነበረች። የአባቴን ነገር ነገርኋት።

«ወንድሜ፣ እኔ ሳስበው ትዕዛዙ ገበያው ጋር አልደረሰም» አለችኝ። «የአባትህን ድርሻ ብቻ አልተገዛም ብዬ ልለውጠው። ገንዘቡ ዛሬውኑ ይለቀቃል።»

«ተገዝቶ ከሆነስ?»

«ያን ጊዜ ጉድለቱን የሚሸከሙት አብረው የገዙት ደንበኞች ናቸው፤ እኛ እስክንተካው ድረስ። ይህን አንተ ከእኔ በተሻለ ታውቃለህ። ቁረጥና ንገረኝ።»

ስልኩን እንደያዝሁ ወደ አባቴ ክፍል ገባሁ። ትራስ ተደግፈው ነበር። ልጄ ለማለት ሲፈልጉ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው።

«ኢልመ ኮ፣ ምን ሆነህ በር ላይ ቆምህ?»

እንዳለ ነገርኋቸው። ይህን ያደረግሁት ፈቃዳቸውን ፈልጌ እንደሆነ፣ ወይስ ውሳኔውን ከትከሻዬ ለማውረድ፣ ዛሬም አልለየሁትም።

«ገንዘቡ አሁን የማን ነው?» አሉ።

«አይታወቅም፣ አባ።»

«አይታወቅም ብሎ ነገር ምንድን ነው? የእኔ ነው ወይስ የሰው?»

«ተገዝቶ ከሆነ የሰው ነው። አልተገዛ ከሆነ የእርስዎ ነው።»

አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሰንበቴ ገዢና ሻጭ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዋጋ ሲነጋገሩ፣ ገዢው የመጨረሻውን ዋጋ ጠርቶ እጁን ሳይለቅ ዝም ካለ፣ ደላላው በሬውን ለሌላ አያሳይም። የተሻለ ዋጋ የያዘ ሰው አጠገባቸው ቢቆም እንኳ እጁ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። በልጅነቴ ከእርሳቸው ጋር ስሄድ አይቼዋለሁ፤ አንዳንዴ ጸሐይ ታዘቀዝቃለች።

«እንግዲህ እጁን አልለቀቀም» አሉ።

«አባ፣ ይህ እንደ በሬ አይደለም። ሴትየዋ አልደረሰም ብላ ታስባለች።»

«ታስባለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ገዢው ትቶታል ብዬ ባስብ፣ ስንቱን በሬ ለሁለት ሰው በሸጥሁ ነበር።» ሊስቁ ሞከሩ፤ ቁርጠቱ አቋረጣቸው። «የሰው ሐቅ ይዤ ቢላዋ ስር አልተኛም። ከበዓሉ በኋላ ይመልሱልሃል። አላህ ካለ እደርሳለሁ።»

እናቴ ከማዶ ሆና «ያ ረቢ፣ ሰውዬው በራሱ ገንዘብ ይከራከራል» ብላ ለራሷ አጉረመረመች። እኔ ወጥቼ ለባልደረባዬ መዝገቡን እንዳትነካው ነገርኋት። እርሷም እሺ አለች፤ ሐሳቤን ብቀይር በማንኛውም ሰዓት እንድደውል ጨመረች። በቀጠሉት ቀናት ስልኩ እጄ ላይ ነበር። አልደወልሁም።

ገበያው በተከፈተ ጠዋት የመለያ ቁጥሩን ይዘን ጠየቅን። መልሱ ለመድረስ የዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ አልፈጀበትም፦ እንዲህ ያለ ቁጥር በገበያው መዝገብ የለም። ትዕዛዙ ከእኛ ወጥቶ ከእነርሱ ሳይደርስ በመንገድ ቀርቶ ነበር። በእነዚያ ሁሉ ቀናት ገንዘቡ የአባቴ ነበር።

ባልደረባዬ እገዳውን ወዲያው አንስታ ላከችልን። የተከራየነው ሚኒባስ ሲጫን አባቴ ሰውነታቸው እንደ እሳት ይፋጅ ነበር፤ ይሁን እንጂ መልሱ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አልተገዛም ነበር አልኋቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ እጁን ለቀቀ» አሉ። ከዚያ በኋላ ኮምቦልቻን እስክናልፍ በትኩሳት እየቃዡ የተናገሩት ለእኔ አልነበረም።

ደሴ ላይ የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነበር። ከተዘጋው ቱቦ የተነሣው መርዝ ወደ ደማቸው እንደ ገባ አይቶ፣ እስካሁን የት እንደነበርን ጠየቀ። ቱቦውን ከፈቱላቸው፤ ሰውነታቸው ግን አልተመለሰም። አስከሬናቸውን ይዘን ወደ ከሚሴ ስንወርድ የቦርከና ዳር ማሳዎች በሙሉ አረንጓዴ ነበሩ። ቀድሞ ብንደርስ ይተርፉ እንደነበር ሐኪሙን አልጠየቅሁትም። ቢመልስልኝ፣ ከመልሱ ጋር መኖር ያለብኝ እኔ ነኝ።

ውርሱን ያከፋፈሉት የሰፈራችን ሼህ ናቸው፤ ለእናቴ አንድ ስምንተኛ፣ ለልጆች ወንዱ እንደ ሁለት ሴት። ሙሉ አክሲዮኖቹ በየስማችን ዞሩ። ቁራጮቹ ግን ከድርጅቱ መዝገብ ውጭ ህልውና ስለሌላቸው በሌላ ሰው ስም ሊዞሩ አይችሉም፤ ተሸጠው በጥሬ ገንዘብ ተከፈሉን። ሼሁ የሰው ሀብት እንዴት ከነጥብ በኋላ በሚጻፍ ቁጥር ሊኖር እንደሚችል ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ በትዕግሥት አስረዳሁ።

ድርጅቱ የሆነውን ሰምቶ፣ መልስ ያልመጣለት ትዕዛዝ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ በራሱ እንዳልተፈጸመ ይቆጠር እንደሆነ ሐሳቤን ጠየቀኝ። ገበያው በዕረፍት ቀናትም መልስ የሚሰጥበት ሰው ይመደብ ዘንድ እንዲጠየቅ ጻፍሁ። ደንቡ ግን ባለበት እንዲቆይ ጻፍሁ። ያን ስጽፍ እጄ የእኔ አልመሰለኝም።

አሁን በስምንተኛ ድርሻዋ ላይ በየወሩ ቁርጡን መጠን የምትጨምረው እናቴ ናት። የሐጁ ሐሳብ ወደ እርሷ ተላልፏል። የግዢው ቀን ሲደርስ፣ ከገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ በክፍሌ በር ላይ ትቆማለች። ማያ ገጹን አታይም፤ የምታየው ፊቴን ነው።

«እጁን ለቀቀ?» ትለኛለች።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሁለታችንም ቆመን እንጠብቃለን።