ውሃ የሌለበት ቅባት

የእናቴን ቅባት አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። አጨዳ ደርሶ እጁ የተሰነጣጠቀ፣ በብርድ ተረከዙ የፈነዳ ሁሉ ከደጃችን አይጠፋም ነበር። ሰም ታቀልጣለች፣ ደረቅ የጥብስ ቅጠል የተዘፈዘፈበት የኑግ ዘይት ትጨምርበታለች፣ ለመጣው ሁሉ በሲኒ ትሰጣለች። ስንት ነው ያላትን ትቆጣለች። ከከተማ ሥራዬን አጥቼ ስመለስ፣ እየሸጥን እንኑርበት ያልኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ወጪውን አሰላሁ። ሰሙን፣ ዘይቱን፣ ማገዶውን፣ ክዳን ያለውን ዕቃ፣ መለያ ወረቀቱን፣ የመኪና ኪራዩን፣ ለሙከራ የሚባክነውን ሳይቀር ደመርኩ። ዕቃው ውስጡ ካለው ቅባት መወደዱን ስነግራት እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«ታዲያ ባዶውን ሽጪዋ!»

«ያንቺም ድካም ዋጋው ውስጥ ይገባል፣ እማዬ» ስላት ግን ሳቋን አቆመች።

«የኔ ድካም?» አለች። ቆይታም እንደገና፣ «የኔ?» ደስ እንዳላት ፊቷ ይናገር ነበር።

የወረዳው ባለሙያ ፈቃድ ሳናወጣ አንዲትም ዕቃ እንዳንሸጥ አስጠነቀቀኝ። መለያው ላይ በውስጡ ያለውን ሁሉ፣ ከብዙው ወደ ጥቂቱ፣ እንድጽፍ ነገረኝ፤ የተሠራበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ በአንድ ጊዜ የተሠራውን ምድብ ቁጥር፣ አድራሻችንንም። «ያድናል ብለሽ እንዳትጽፊ። እሱ መድኃኒት ይሆናል» አለኝ። ናሙናውም ላቦራቶሪ መታየት ነበረበት።

ፈቃደኛ ጎረቤቶችን ክንዳቸው ላይ በውስጥ በኩል ጥቂት ቀብተን ጠበቅን። ማንንም አላሳከከውም። ከየምድቡም ጥቂት ዕቃ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ሳምንታት አሳለፍኩ። ስከፍተው ከሥሩ ሻግቷል። ቅጠሉ በደንብ አልደረቀም ብዬ፣ በእጅ ሲነካ እስኪፈረፈር አድርቄ እንደገና ሠራን። እንደገና ሻገተ። ላቦራቶሪውም ውሃ ገብቶበታል አለ። ከየት የመጣ ውሃ! ሰዎቹ ሥራቸውን አያውቁም ብዬ ተናድጄ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ምድብ ማገዶ ላመጣ ወጥቼ ስገባ እናቴን አየኋት። ከደብሩ ያስመጣችውን ጠበል እያማተበች በየዕቃው ጠብ ታደርግበታለች። ውሃውና ዘይቱ አይዋሃዱምና ጠብታው ወደ ታች ይወርዳል፣ ሰሙ ከላይ ይረጋበታል። ለካ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ነበር የምትሠራው። ጎረቤት በሲኒ የወሰደውን በሳምንት ስለሚጨርሰው ለመሻገት ጊዜ አልነበረውም። የኔ ዕቃ ግን ወራት ሊቀመጥ ነው።

«እማዬ፣ ያሻገተው እኮ ይሄ ነው!»

«ጠበል ያሻግታል ትይኛለሽ?»

«ጠበልነቱ አይደለም፤ ውሃነቱ ነው። የተሰነጠቀ ቁስል ላይ ነው የሚቀቡት፣ ቢያመረቅዝባቸውስ?»

«ሰው የሚቀባውን በባዶው ልስጠው?» አለችና ጠርሙሱን ከድና ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ እምድጃው አጠገብ አልመጣችም። ብቻዬን አማሰልኩ። ትክክል ነበርኩ፤ ትክክል መሆኔ ግን ምንም አላስደሰተኝም። ውሃ ያልነካው ምድብ ሳይሻግት ሰነበተ፣ ምርመራውንም አለፈ። ስነግራት «እሰይ» ብቻ አለች።

ፈቃዱን ስንጠብቅ እናቴ ታመመች። አልጋ ከያዘች በሁለተኛው ወር እግሯ ደርቆ ተሰነጠቀባት። ከንጹሑ ምድብ አንድ ዕቃ ከፍቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ጠበል አለበት?» አለችኝ።

አለበት ብላት ምን ነበረበት? ግን እሷን መዋሸት አቃተኝ። «የለበትም፣ እማዬ።»

እግሯን ከብርድ ልብሱ አወጣችልኝ። «እንግዲያው አንቺው አማትቢበት» አለች። አማተብኩና ቀባኋት። እግሯ ቀሎ ነበር፣ ሲያሳዝን።

ፈቃዱ የመጣው ከተዝካሯ በኋላ ነው። መለያውን ለጥፌ አርብ ገበያ ወጣሁ። ያሰላሁትን ዋጋ አልቀነስኩም፤ የእናቴም ድካም እንዳለበት ነው። እጃቸው እንደ እርሻ የተተለተለ አንዲት እናት ከሩቅ ቀበሌ በአህያ መጥተው አንዱን ዕቃ አነሱና ከፍተው አሸተቱት።

«የእናትሽ ነው አይደል? በሲኒ ትሰጠኝ ነበር» አሉ። ማንበብ ስለማይችሉ መለያውን አነበብኩላቸው፦ የኑግ ዘይት፣ ሰም፣ የጥብስ ቅጠል።

«ጠበሉስ?»

«የለበትም፣ እትዬ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ክዳኑን ቀስ አድርገው መለሱት።

«እንግዲያው እናትሽ የለችም ማለት ነው» አሉ።

«አዎ» አልኳቸው፤ «የለችም።»