ዘይት የሚያበዛው መካኒክ

ክንዱ ዘይት የሚሰስት ሰው አይወድም ነበር። ዕድሜውን የፈጀው ከባድ መኪና ሥር በጀርባው ተጋድሞ ነው። ዘይት ያጣ ሞተር ግጥም ብሎ ሲቀር፣ ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሲያለቅስ በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ ለተማሪም ለአለቃም የሚያስተምረው ትምህርት አንድ ብቻ ነበር፦ «ሞተር በዘይት ጠግቦ አያውቅም።» ይህን ሲል ፊቱ የቄስ ፊት ይመስላል። ተው የሚለው ሰው ቢኖር እንኳ ባሕር ዳር ውስጥ በመካኒክነት ክንዱን የሚስተካከል ስላልነበረ ማን ደፍሮ ይለዋል?

በዚያ በ1976 ዓ.ም. ክንዱ የሚሠራው ወባን በሚቆጣጠር አንድ የመንግሥት ቢሮ ጋራዥ ውስጥ ነበር። ቢሮው ከላንድሮቨሮቹ ሌላ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣች አንዲት አሮጌ ዶቅዶቄ ነበረችው። የሚነዳት አገኘሁ የሚባል የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው። በመሸንቲና በመርዓዊ፣ በሐይቁ ዳርም ባሉ ቀበሌዎች እየዞረ ትኩሳት ከያዘው ሰው ጣት ደም በመስታወት ላይ ይቀባና ለምርመራ ወደ ከተማ ያመጣል። ገበሬው «ደም ቀጂው» ይለዋል።

አገኘሁና ክንዱ የሥራ ባልደረቦች ብቻ አልነበሩም። ከሁለት ዓመት በፊት የክንዱ ሚስት አገርነሽ ለዘመድ ለቅሶ ወደ መርዓዊ ወርዳ ወባ ጥሏት፣ ራሷን እስክትስት ደርሳ ነበር። አገኘሁ ደሟን ይዞ በክረምት ጭቃ ወደ ባሕር ዳር በርሮ፣ መድኃኒቱን ይዞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰላት። ልጅ ያልወለዱት ባልና ሚስት ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልጃችን» ይሉታል፤ አፋቸውን ሞልተው።

እንግዲህ የሰው ፍቅር መውጫው ብዙ ነው፤ የክንዱ ፍቅር በዘይት በኩል ወጣ። ያቺ ዶቅዶቄ እንደ ላንድሮቨሩ ዘይቷ ለብቻ የሚቀመጥበት ጓዳ የላትም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ እግረ መንገዱን ብረቱን ያለሰልስና ከቤንዚኑ ጋር ወደ እሳቱ ይሄዳል። ልኩ ለአምስት ሊትር ቤንዚን አንድ የሻይ ብርጭቆ ዘይት ነው፤ በታንከሯ ክዳን ላይ በቁጥር ተጽፏል። ክንዱ ቁጥሩን አይቶት «ፈረንጅ ሲሰስት!» ብሎ ሳቀ። ለልጁ ዶቅዶቄ ሁለት ብርጭቆ አዘዘ፤ ያውም የከባድ መኪና ወፍራም ዘይት። ልጁ በረሃ መሀል ሞተር ነክሶበት እንዳይቀር ነው ሐሳቡ።

ዶቅዶቄዋ ከዚያ ወዲያ ስትነሣ ሰማያዊ ጭሷ መንገዱን ይሞላው ጀመር። የገበያ ሴቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ እየጎተቱ «የአገኘሁ ደመና መጣ!» ይላሉ። የከተማው የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ባለሦስት ጎማ ዕቃ ጫኝም የዚሁ ዓይነት ሞተር ነበራት፤ ጭሷን ሊያሳዩት ሲያመጧት ክንዱ መድኃኒት ብሎ ያው ዘይት ጨመረላት። ጭሷ ባሰ። ክንዱ ግን ካፈርሁ አይመልሰኝ ነው፤ «ጭስ የጤና ምልክት ነው» ብሎ ሸኛቸው።

ነገር የመጣው ቢሮው አንዲት አዲስ የጃፓን ዶቅዶቄ ያገኘ ጊዜ ነው። ይቺኛዋ እንደ መኪና ዘይቷ ለብቻው ነው፤ ሞተሯም ቤንዚን የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት በር ከነመዝጊያው አለው። በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሳምንት የአገኘሁ ዶቅዶቄ ከአዲሷ እጥፍ ቤንዚን ጠጥታ ተገኘች። ቤንዚን በኩፖን በሚሰፈርበት፣ ሰው በጀሪካን ምክንያት በሚታሰርበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቢሮው ኮሚቴ ሊቀመንበር ጓድ ደሞዝ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሕግ አጥባቂ ነው፤ አንዴ ከጠረጠረ አይለቅም። «ትርፉ ቤንዚን የት ሄደ? የምትሸጠው ለማን ነው?» አለ። አገኘሁ በመስቀል ማለ፤ ለጓድ ደሞዝ መስቀል ምን ይረባዋል? ጉዳዩ ዓርብ ይታያል፤ ጥፋት ከተገኘ ፋይሉ ወደ ደኅንነት ይሻገራል ተባለ። ወደዚያ የተሻገረ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

አገኘሁ እህል አልወርድ አለው። ጋራዡ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «ጋሽ ክንዱ፣ አንዲት ጠብታ አልሸጥሁም» አለ።

«አውቃለሁ፤ አንተን ሳይሆን እሷን ነው የምጠይቃት» አለና ክንዱ ዶቅዶቄዋን ወደ ውስጥ ገፋት።

ሐሙስ ጠዋት የጭስ ማውጫውን ፈታ። ውስጡ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፤ ጥላሸቱ በዘይት ታሽቶ ጣት የማያሾልክ ሆኗል። ካንዴላዋን ነቀለ፤ ረጥባ፣ በዘይት ተለውሳ ወጣች። እንዲህ ያለች ካንዴላ እሳት የምትጭረው ሲያሻት ብቻ ነው፤ ሳትጭር በቀረች ቁጥር የገባው ቤንዚን ሳይነድ እንዳለ ይወጣል። የመውጫውን ጫፍ አሸተተ፤ የተቃጠለ ነገር ብቻ አይደለም፤ ጥሬ ቤንዚን ይሸታል።

ፒስተኑን በእጁ ቀስ እያለ ወደ ታች አወረደ፤ ወደ ቀዳዳዎቹም አጎንብሶ ተመለከተ። በዚህ ሞተር በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሌላ ዕቃ የለም፤ በሩ ራሱ ፒስተኑ ነው። ሲወርድ የጭሱን መውጫ ይከፍታል፤ ትንሽ ቆይቶ የአዲሱን ቤንዚን መግቢያ ይከፍታል፤ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ክፍት ሆነው ይቆያሉ። አዲሱ ጭሱን ገፍቶ ያስወጣል፤ ከራሱም የተወሰነው እሳት ሳያየው ተከትሎ ውልቅ ይላል። ምናልባት ሩቡ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት በሮች ያሉት ቤት ነው፤ እንግዳው በአንዱ ገብቶ ሳይቀመጥ በሌላው ይወጣል። ይህ የሞተሯ ተፈጥሮ ነው፤ ማንም አያድናትም። ሰማያዊው ጭስ፣ የጨቀየችው ካንዴላ፣ የታፈነው ማውጫ ግን ተፈጥሮ አይደለም። እሱ የክንዱ ዘይት ነው።

ክንዱ ለምስክርነት ይቆይ ብሎ ምንም ሳይጠርግ ሁሉንም እንደነበረ መልሶ ገጠመው። ምሳ ሰዓት ቤቱ ገብቶ ለአገርነሽ ነገራት።

«ልጁን የሚያስበላው የኔ ዘይት ነው» አላት።

«ማርም ሲበዛ ይመራል፤ እስቲ ማን ተው አለህ?» አለችው። ቀጥላ ደግሞ ድምጿ ለሰለሰ። «ዓርብ ትናገራለህ?»

«የመንግሥት ንብረት አበላሸ ካሉኝስ? አሻጥረኛ ካሉኝስ?»

«ይበሉሃ! እኔ ያን ጊዜ ሞቼ ቢሆን ለማን ትፈራ ነበር?» አለችውና ፊቷን አዞረች። ክንዱ እንጀራውን ሳይጨርስ ተነሣ።

ዓርብ ጠዋት ክንዱ ለጓድ ደሞዝ ብዙ አላስረዳም። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ወረቀቱን ይተዉትና መንገዱን ይጠይቁት» አለ። ሁለቱም ዶቅዶቄዎች ታንከራቸው ደርቆ አንዳንድ ሊትር ብቻ ተሰፈረላቸው፤ አሮጌዋ ከለመደችው ዘይት ጋር። በአዲሷ ጓድ ደሞዝ ከነጂው ኋላ ተፈናጠጠ፤ በአሮጌዋ ክንዱ ከአገኘሁ ኋላ። ጉዞው መሸንቲ ደርሶ መልስ ነው። አሮጌዋ ፊት ፊት ስለሄደች ጓድ ደሞዝ መንገዱን ሙሉ ሰማያዊውን ሲጠጣ፣ ሲያስል፣ ዓይኑን ሲያብስ ሄደ። ካኪ ሸሚዙ ላይ የዘይት ጠብታ ነጠብጣብ አበቀለ። መሸንቲ ደርሰው ወደ ከተማ እንደዞሩ ብዙም ሳይርቁ አሮጌዋ ተንፈራግጣ ቆመች። ታንከሯ ደርቋል። አዲሷ እስከ ቢሮው በር ድረስ ገብታም ሞተሯ ገና ይሠራ ነበር።

ወጪው ከሳምንቱ የቤንዚን መዝገብ ጋር ተገናዝቦ ልክ ሆነ። የጎደለ ጠብታ የለም፤ ሁሉም የወጣው በጭስ ማውጫው ነው። ክንዱም ሁለቱን በሮች በእጁ እየሣለ፣ የበዛው ዘይት ጭሱን እንዳባሰውም ጨምሮ አስረዳ። ጓድ ደሞዝ በሚገባ አዳመጠ፤ ሲያስልም ነበር። «ይህ ገባኝ። በመስረቅ አትጠየቅም» አለው አገኘሁን። አገኘሁ ትንፋሹን ለቀቀ። ግን ሰውየው አንዴ የያዘውን አይለቅም ብዬ የለ? ወደ ክንዱ ዞረ። «ዘይቱን ግን ማነው ከልክ በላይ ያደረገው? ጭሱ ይህን ያህል የሆነው በዚያ ነው አልህ።»

አገኘሁ ወዲያው መለሰ። «እኔ ነኝ፣ ጓድ። ራሴ ነኝ የጨመርሁት።»

እንዲህ ሲል ወደ ክንዱ አላየም። ክንዱ ዝም ቢል ያልፍለታል፤ ልጁ ወዶ ተሸክሞለታል። ነገር ግን ያ «ራሴ ነኝ» ከዚህ በፊት በሕይወቱ የሰማውን ስድብ ሁሉ ያህል ወጋው።

ከመቀመጫው ተነሣ። «ይዋሻል፣ ጓድ ሊቀመንበር። ያዘዝሁት እኔ ነኝ። ልኩ ክዳኑ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ዓይኔ አይቶት ንቄ ተውሁት። ሞተሩን ሳይሆን ይህን ልጅ ስለምወድ አበዛሁት፤ መውደዴ ደግሞ ለእስር ሊዳርገው ነበር። የሚጻፍ ነገር ካለ በኔ ስም ይጻፍ።»

ጓድ ደሞዝ ብዕሩን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ያዘው። በመጨረሻ የጻፈው «ቸልተኝነት» የሚል ነበር። ሌላ፣ የከፋ ቃል ሊጽፍ ይችል ነበር። ክንዱ ለስድስት ወር ሞተር እንዳይነካ ተወሰነ፤ የቢሮውን መኪኖች ሐይቁ ዳር እየወሰደ እንዲያጥብ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያ ቅጣት ለክንዱ ከእስር የሚያንስ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ሱሪውን ጠቅልሎ በጣና ዳር ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ የላንድሮቨር ጎማ እያሸ፣ በዚያ የሚያልፉ ወጣት መካኒኮች ሲጠቋቆሙበት አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ አገኘሁ ዶቅዶቄዋን እየገፋ መጣ። ማውጫዋ ተጠርጓል፣ ካንዴላዋ አዲስ ናት፤ በእጁ ዘይትና አንድ ባዶ የሻይ ብርጭቆ ይዟል።

«ጋሽ ክንዱ፣ ልኩን ያሳዩኝ።»

«እንዳልነካ ተከልክያለሁ፣ ልጄ። ደግሞስ ከኔ ትጠይቃለህ?»

«ከማን ልጠይቅ? አይነኩም፤ ያያሉ እንጂ» አለና ተቀምጦ ዘይቱን ወደ ብርጭቆው በቀስታ መቅዳት ጀመረ። ዓይኑን ብርጭቆው ላይ ሳይሆን ክንዱ ፊት ላይ አድርጎ ነው። ዘይቱ አፍ ጋ ሲደርስ ክንዱ «በቃ» አለ። በዘይት ነገር «በቃ» ሲል በዕድሜው የመጀመሪያው ነበር።

አገኘሁ ቀላቅሎ ሞላና አስነሣት። ያ የጥሬ ቤንዚን ሽታ አሁንም አለ፤ እሱ አይለቃትም። ከኋላዋ ግን ቀጭን ነገር ብቻ ወጣ፤ ነፋሱም ወዲያው ወደ ውኃው ወሰደው። አገኘሁ እጁን አወዛውዞ ወደ መሸንቲ መንገድ ታጠፈ። ክንዱ በረጠበ እጁ ዓይኑን አበሰ፤ ጭሱ ነው እንዳይል፣ ጭስ አልነበረም።