ጭብጨባ የማይሰማበት ንግግር

ተናኘወርቅ የምትተዳደረው ሌላ ሰው የሚናገረውን በመጻፍ ነው። ቂርቆስ ተወልዳ ቂርቆስ አደገች። ለእድሩ ሊቀመንበር የሐዘን ቃል፣ ለሰፈሩ ሚዜዎች የምስጋና ቃል እየጻፈች እጇን አፍታታች። ካዛንቺስ ያለ አንድ የመድን ድርጅት በጸሐፊነት ቀጠራት። አንድ ጊዜ ምክትል ሥራ አስኪያጁ የሚያነቡት ሪፖርት መሐል ሳይነገራት ቀልድ ከተተች። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ተይቢ ያላት የለም።

ምክትል ሥራ አስኪያጁ አቶ ጉርሜሳ ይባላሉ። ግርማ ሞገስና ወፍራም ድምፅ አላቸው፤ የጎደላቸው የሚናገሩት ነገር ብቻ ነበር። እሱን ተናኘወርቅ ታቀርባለች። በጽሑፉ ዳር በቀይ እስክሪብቶ «ሳቅ» ወይም «ጭብጨባ» ብላ ምልክት ታደርጋለች። እሳቸው እዚያ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ አዳራሹን ይቃኛሉ። አዳራሹም ግዴታውን ይወጣል። ከየክልሉ መጥቶ ሆቴል ያረፈ፣ ምሳ የሚጠብቀው የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የማያጨበጭብበት ምክንያት የለውም።

በ2010 ዓ.ም. የቅርንጫፎቹ ስብሰባ በየወሩ በኢንተርኔት እንዲሆን ተወሰነ። ሆቴሉ ቀረ፤ ምሳውም አብሮ ቀረ። የኮምፒውተር ክፍሉ አባዲ የአቶ ጉርሜሳ ቢሮ ውስጥ ካሜራ ተከለ። ኔትወርኩ እንዳይጨናነቅ የቅርንጫፎቹን ካሜራ አጠፋ፤ የታክሲ ጥሩምባ እንዳይገባ ማይካቸውን ዘጋ። አቶ ጉርሜሳ ስክሪኑ ላይ የሚያዩት የራሳቸውን ፊትና ጥግ ላይ የተሰብሳቢዎቹን ብዛት የሚያሳይ ቁጥር ብቻ ሆነ።

ተናኘወርቅ ንግግሩን እንደ ወትሮው ጻፈች። ቀዩንም ምልክት እንደ ወትሮው አደረገች።

«አንድ ደንበኛ መጥቶ ‹ቤቴን መድን አስገቡልኝ› አለን» አሉ አቶ ጉርሜሳ። «‹ቤትህ የት ነው?› ስንለው፣ ‹እስከ ትናንት ድረስ ኡራኤል ነበረ› አለን።»

ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ። ካሜራውን አዩ። ቢሮው ጸጥ አለ።

«አልገባችሁም?» አሉና ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙት። እንደገና ቆሙ። ጥግ ላይ ያለው ቁጥር ወርዶ፣ ወጥቶ፣ ደግሞ መውረድ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ይቀጥሉ፤ ሰው እየወጣ ነው» አለ አባዲ።

«የት ነው የሚወጣው?»

«ጋሼ፣ ማይኩ ክፍት ነው።»

«የት ነው የሚወጡት ነው የምልህ! ሥራ የላቸውም እንዴ?»

ስብሰባው አለቀ፤ አለቀ ከሚባል ሞተ ቢባል ይቀላል። አቶ ጉርሜሳ ተናኘወርቅን ቢሯቸው አስጠሩ።

«ቀልድሽ አርጅቷል፣ ተናኘ። የሚቀጥለው ወር የቅዳሜውን ነገር ነው የምናቀርበው። እሱም እንዲህ ከሆነ ንብረት ክፍል ትሄጃለሽ። ወንበር ትቆጥሪያለሽ። ወንበር አይስቅም፤ ካሁኑ ልመጂው።»

«የቅዳሜው ነገር» ቅርንጫፎች ቅዳሜ ከሰዓትም ክፍት ይሁኑ የሚል የዋናው መሥሪያ ቤት ሐሳብ ነው። ተናኘወርቅን የቆጫት ግን ቀልዱ ነበር። በማግስቱ ታክሲ ተሳፍራ ለገሃር ቅርንጫፍ ወረደች። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጃለኔ የድሮ ባልደረባዋ ናት።

«ለምንድን ነው ያልሳቃችሁት?»

«ማን ነው ያልሳቀው? ገንዘብ ያዣችን ሻዩን ኪቦርዱ ላይ ነው የተፋው! ሳቃችንን ስንጨርስ ጋሼ ዝም ብለዋል። መነጽራቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ማለቴ፣ ፎቶ ሆኑ። ንቅንቅ የለም። በቃ፣ ኔትወርኩ ሄዷል ብለን ዘጋነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተመልሰን ስንገባ ያንኑ ቀልድ እያወሩ ነው። የተቀዳ ነው የሚያሰሙን ብለን ደግመን ዘጋነው።»

ተናኘወርቅ እዚያው ዋለች። የቅርንጫፉ ሰው ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ዙሪያ ተኮልኩሎ፣ አባዲ ቀድቶ ያስቀመጠውን ስብሰባ እንዲያይ አደረገችና ከኋላ ቆማ ሰውን ተመለከተች። ደንበኛ ይመጣል፤ አንዱ ይነሳል። ሲመለስ ወሬው አልፎታል። «ከላይ እንደገለጽኩት» የሚለው ሐረግ ሲመጣ ምን እንደተገለጸ የሚያውቅ አልተገኘም። ሐረጉ የራሷ ነው፤ ትወደው ነበር።

ቢሮዋ ተመልሳ ቀዩን ምልክት ሁሉ ጣለች። ዓረፍተ ነገሩን አሳጠረች። ወደ አዲስ ነጥብ ከመሻገሯ በፊት ያለፈውን በአንድ መስመር አስታወሰች፤ ከደንበኛ የተመለሰ ሰው መንገዱን እንዲያገኝ። ቀልዱን ከዓረፍተ ነገሩ መሐል ከተተችና አቶ ጉርሜሳ ሳይቆሙ እንዲያልፉት አደረገች፤ የሳቀ ይሳቅ፣ ጋሼ አይጠብቁም። ውሃ የሚጠጡበት ቦታ ላይ «ውሃ ልጠጣ ነው፤ መስመሩ አልተቋረጠም» ብላ ጻፈች። በጭብጨባው ፋንታ ደግሞ ተሰብሳቢው በስክሪኑ ዳር መልስ ጽፎ የሚልክበት ጥያቄ አስገባች።

«እኔ ከካሜራው አጠገብ እቀመጣለሁ። ለሰው እንደሚያወሩ ሆነው እኔን እያዩ ይናገሩ» አለቻቸው።

«አንቺ ጽሑፉን ታውቂዋለሽ። አትስቂም።»

«እከፈልበታለሁ፤ እስቃለሁ።»

ሁለተኛው ስብሰባ ያለ አንዳች እንከን ሄደ። ውሃቸውን ጠጡ፣ መስመሩ አልተቋረጠም አሉ፣ ጥግ ላይ ያለው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«ቅዳሜ ከሰዓት እንሥራ የምትሉ አንድ፣ አንሥራ የምትሉ ሁለት ብላችሁ ጻፉ። እስክትጽፉ ዝም እላለሁ።»

ሁለት። ሁለት። ሁለት። ከሐዋሳ ሁለት፣ ከደሴ ሁለት። ከአዳማ «2222» የሚል መጣ።

ተናኘወርቅ ደነገጠች። በዚህ ድርጅት ታሪክ ለአለቃ «አይሆንም» ያለ ሰው አታውቅም። ስለዚህ የሚቀጥለውን ገጽ ጽፋ የጨረሰችው መልሱ አንድ ነው ብላ ነበር። አቶ ጉርሜሳ ደግሞ ወረቀት ላይ ያለውን የማያነቡበት ቀን የለም።

«ስለ ሙሉ ድጋፋችሁ ከልብ አመሰግናለሁ» ብለው አነበቡ።

«ጋሼ፣ ሁለት እኮ ነው ያልነው» የሚል ጽሑፍ ከአንዱ ቅርንጫፍ ብቅ አለ።

«ሁለት ምን ነበር?» አሉ ወደ አባዲ ዞረው።

«አይሆንም ማለት ነው፣ ጋሼ።»

ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ንብረት ክፍሉ ከነወንበሩ ተናኘወርቅ ፊት ድቅን አለ። ወረቀት ገለበጠችና በትልቁ ጽፋ ከካሜራው አጠገብ አነሳችው። አቶ ጉርሜሳ የተጻፈ ነገር አይተው አያልፉም።

«ለምን?» ብለው አነበቡ። ከታች ሌላ መስመር ነበረ። «የለገሃሯ ጃለኔ ትንገረን።»

አባዲ የጃለኔን ማይክ ከፈተላት።

«ጋሼ፣ ሰው መኪና የሚያጋጨው ቅዳሜና እሁድ ነው» አለች ጃለኔ። «ካሳ ለመጠየቅ የሚመጣው ግን ሰኞ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ብንከፍት እርስ በርሳችን ነው የምንተያየው። ሰኞ ግን ሳንከፍት በሩ ላይ ተሰልፈው ይሰድቡናል።»

ተናኘወርቅ ሌላ ወረቀት አልነበራትም። ባዶ እጇን አሳየቻቸው።

«እና… ሰኞ ቀደም ብለን ብንከፍትስ?» አሉ አቶ ጉርሜሳ። ይህን ማንም አልጻፈላቸውም።

አንድ። አንድ። አንድ።

ስብሰባው እንዳለቀ አባዲን አስወጡና በሩን ዘጉ።

«ሁለት እንደሚሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔስ መቼ አወቅኩ።»

«አዳራሽ ቢሆን ያጨበጭቡ ነበር።»

«ያጨበጭቡ ነበር፣ ጋሼ። ቅዳሜ ደግሞ ቁልፉን ይዘው ይጠፉ ነበር።»

አቶ ጉርሜሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለሚቀጥለው ወር አንቺው ጻፊ። ጥያቄ የሚባል ነገር ግን እንዳላይ።»

ጻፈች። አንድም ጥያቄ አላስገባችም። ጽሑፉ በደረሳቸው ቀን አቶ ጉርሜሳ ራሳቸው ወረቀቱን ይዘው ጠረጴዛዋ ድረስ መጡ።

«እነሱ የሚጽፉት የት ላይ ነው?»

«ጥያቄ እንዳላይ ብለውኝ ነው።»

«ብያለሁ።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላት። «አንድ አስገቢ። ቀላል ይሁን እንጂ።»